ለረጅም ፈቃድ በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ አውቶማቲክ ምላሽና የሥራ ርክክብ ማስታወሻ፦ ቀኖቹን እንዴት እናስማማ?

የከዚራዋ (ጠያቂ፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የግዥና የጭነት ሰነዶችን እከታተላለሁ። ከየካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በወሊድ ፈቃድ እወጣለሁ። የሰው ኃይል ክፍላችን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ያለማቋረጥ ቆጥሮ ሰኔ 2 ወደ ሥራ እንደምመለስ በደብዳቤ አሳውቆኛል።

ከሚጽፉልኝ ሰዎች ከፊሎቹ በአማርኛ የሚጽፉ ደንበኞች፣ የባንክ ሠራተኞችና ትራንዚተሮች ናቸው። የቀሩት የውጭ አቅራቢዎችና ጅቡቲ ያለው የመርከብ ወኪል ሲሆኑ የሚጽፉልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ኢሜይሌ ላይ የሚቀመጠው አውቶማቲክ ምላሽ በሁለቱም ቋንቋ መሆን አለበት። ያዘጋጀሁት የአማርኛ ረቂቅ የሚከተለው ነው፦

«ከ2/6/2018 እስከ 1/10/2018 በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለምሆን ለኢሜይልዎ ምላሽ መስጠት አልችልም። በሰኔ ወር እመለሳለሁ። አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት ባልደረባዬን ከ2:30 እስከ 11:30 ባለው የሥራ ሰዓት ያነጋግሩ።»

የእንግሊዝኛው ክፍል ይህንኑ ይደግማል፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ ትቼ ሰኔን ጁን ብዬዋለሁ። የርክክብ ማስታወሻውን በአማርኛ ጀምሬዋለሁ፤ ሥራ አስኪያጃችን ግን በእንግሊዝኛም እንዲዘጋጅ ጠይቀዋል። ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ይኖርብኛል ወይስ የተሻለ አሠራር አለ? ልምድ ያላችሁ ረቂቁን ብታዩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

---

ሰነድ ተከታታይ

እህቴ፣ በመጀመሪያ በሰላም ተገላገይ። ረቂቁን ከመላክሽ በፊት ማሳየትሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛው ክፍል አሁን ባለበት ሁኔታ ከአማርኛው ጋር አንድ ነገር አይናገርም።

2/6/2018 ለእኛ የካቲት 2 ነው። አንድ የቱርክ ወይም የቻይና አቅራቢ ግን ይህን ሲያነብ የሚታየው ስምንት ዓመት ያለፈው ቀን ነው፤ እንደ ልማዱም ጁን 2 ወይም ፌብሩዋሪ 6 ብሎ ይወስደዋል። ያረጀ መልእክት ሳይጠፋ የቀረ መስሎት እንዳላየ ያልፈዋል፤ መልስም ይጠብቃል። ስለዚህ በየትኛውም ክፍል ወርን በቁጥር አትጻፊ። በአማርኛው «የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.»፣ በእንግሊዝኛው `9 February 2026` ብለሽ የወሩን ስም በፊደል አስፍሪው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። 2:30 ብሎ የሚያነብ የውጭ ሰው ሥራ የምትጀምሩት ከቀትር በኋላ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛው `8:30 to 17:30, GMT+3` ይባል። ጅቡቲ ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት ስለምትገኝ ወኪሉ አይቸገርም፤ ቻይና ያለው አቅራቢ ግን አምስት ሰዓት ስለሚቀድመን የሰዓት ክልሉ ካልተጻፈለት ባልደረባሽን ሊያገኝ የሚችልበትን ጊዜ በግምት ለመፈለግ ይገደዳል።

ሰኔን ጁን ማለትሽ ግን ከሁሉም ይልቅ ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችል ነው። በ2026 ሰኔ 1 የሚውለው ጁን 8 ነው። የእንግሊዝኛው አንባቢ ከጁን 1 ጀምሮ ይጠብቅሻል፤ የአማርኛው አንባቢ ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው የሚጠብቅሽ። «በወሩ አጋማሽ» ብትይም አይረዳም፤ የጁን አጋማሽ ለእኛ ሰኔ 8 ነውና። ወር ብቻውን በሁለት ቋንቋ አንድ ቀጠሮ ሊሆን ስለማይችል ወይ ቀን ይጻፋል ወይ ጭራሽ አይጻፍም።

---

ንብረት ክፍል

የሥራ ርክክብን በተመለከተ ልጨምር። ርክክብ ያለ ሞዴል አይደረግም። ገቢ የሆነው በሞዴል 19፣ ወጪ የሆነው በሞዴል 22 ተመዝግቦ፣ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ በሦስት ቅጂ ፈርመውበት አንዱ ከግል ማኅደር ጋር መያያዝ አለበት። ላፕቶፑን፣ ማኅተሙንና የካዝናውን ቁልፍ ሳያስረክቡ መውጣት በኋላ ከባድ ተጠያቂነት ያስከትላል። በሁለት ቋንቋ መጻፉ ትርፍ ድካም ይመስለኛል፤ ሞዴሎቹ በአማርኛ ታትመው የሚገኙ ናቸው።

---

ሰነድ ተከታታይ

ወንድሜ፣ ያነሱት የንብረት ርክክብ ነው፤ እርሱም መደረግ አለበት፤ በተለይ ማኅተም በእጇ ካለ በፊርማ ማስረከቧ ግዴታ ነው። እህታችን የጠየቀችው ግን ገና ያልተቋጩ ጉዳዮችን ለተተኪዋ የምታስተላልፍበትን ማስታወሻ ነው። ሞዴሉ ላፕቶፑ ለማን እንደተሰጠ ይነግረናል፤ በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለአቅራቢው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ መቼ እንደሚያበቃ ግን አይነግረንም። ሁለቱ ለየብቻ ቢዘጋጁ ይሻላል።

---

ሳቢያን

ቀኑን መቀየር ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ከፈረንጆቹ ቀን ላይ 8 ቀንሶ የእኛን ማግኘት ይቻላል፤ ከዓመቱ ደግሞ 7 ወይም 8 ይቀነሳል። የመመለሻ ቀንን አለመጻፍ የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበለውም። ደንበኛ ሰውየው መቼ እንደሚመለስ ካላወቀ ሥራውን ማቀድ አይችልም፤ ቢሮውም ኃላፊነት የማይሰማው ይመስላል። ሰኔ 2 ተብሎ በደብዳቤ ከተወሰነ ሰኔ 2 ተብሎ ይጻፍ።

---

ሰነድ ተከታታይ

ልዩነቱ ሁልጊዜ 8 አይደለም። በዚህ ዓመት የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ደግሞ ጁን 8 ነው። ልዩነቱ በየካቲት 7፣ በመጋቢት 9፣ በሚያዝያና በግንቦት 8፣ በሰኔ እንደገና 7 ሆነ ማለት ነው። 8 እየቀነሰ የሚሠራ ሰው በመጋቢት አንድ ቀን ይስታል፤ በባንክ ሰነድ ላይ ደግሞ አንድ ቀን ብዙ ነው።

የመመለሻውን ቀን በተመለከተ እርስዎ ያሉት ግማሹ ትክክል ነው፤ ደንበኛ ማወቅ ይፈልጋል። ነገር ግን በወሊድ ፈቃድ የደብዳቤው ቀን ግምት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ በተገመተው ቀን ካልወለደች እስክትወልድ ድረስ ፈቃዱ ይራዘማል፤ ቀድማ ከወለደችም የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ከዚያው ይጀምራል። እህታችን የካቲት 2 ወጥታ ሰኔ 2 የምትመለሰው መጋቢት 2 ብትወልድ ነው። በ9 ብትወልድ መመለሻዋ ሰኔ 9 ይሆናል፤ የካቲት 22 ብትወልድ ደግሞ ግንቦት 22 ላይ ያርፋል። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ልዩነት ብቻ በሁለቱ ቋንቋዎች የተጻፈው ቀን ሁለቱም ጋ ሐሰት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኢሜይሏን ከፍታ የምታስተካክልበት ሁኔታ ላይ አትሆንም።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ለውጭው አንባቢ ራቅ ያለ አንድ ቀን ሰጥቶ «ቢያንስ እስከዚያ» ማለትን ነው፤ ለምሳሌ ሰኔ 15፣ ማለትም ጁን 22 ሰኞ። ቀድማ ብትመለስ ማንም አይጎዳም። ትክክለኛው ቀን በድርጅቱ ውስጥ ለሚያውቁት ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፈቃድ በአጋጣሚ አራት ሙሉ የእኛ ወር ስለሆነ የቀን ቁጥሩ ሳይቀየር ከ2 ወደ 2 መጣ። በሐምሌ ወይም በነሐሴ የሚወጣ ሰው ግን ጳጉሜን መሀል ስለምትገባ እንደዚህ መቁጠር አይችልም።

---

ገንደቆሬ

በቢሮዎች የኮምፒውተር ድጋፍ እሰጣለሁ፤ ስለ ኢሜይሉ ጥቂት ልበል። በ`Outlook` የሚጠቀሙ ከሆነ `Automatic Replies` ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ `Inside My Organization`፣ ሌላው `Outside My Organization` ይባላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሞልቶ ይወጣል፤ ውጭ ያለው አቅራቢም ምንም ምላሽ አይደርሰውም። እዚህ ላይ ግን ክፍፍሉ ይጠቅማል። ለውስጥ በአማርኛ ብቻ፣ የሚገመተውን የመመለሻ ቀን ጨምረው መጻፍ ይችላሉ፤ ለውጭ ደግሞ የሁለቱን ቋንቋ ያስቀምጣሉ።

`Outlook` ምላሹ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ለአንድ ላኪ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል። በየካቲት ምላሹን ያገኘ ሰው በግንቦት እንደገና ቢጽፍ ምንም አይደርሰውም፤ የተወካዩንም አድራሻ እስከዚያ ረስቶት ይሆናል። ምላሹን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ዝርዝሩን ከአዲስ ያስጀምረዋል። `Gmail` ግን በተለየ መንገድ ይሠራል፤ ያው ሰው ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ቢጽፍ እንደገና ይልክለታል። የትኛውንም ቢጠቀሙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያስታውሱ። እኔ በ`Gmail` የመጨረሻውን ቀን ባዶ እንዲተዉት፣ በ`Outlook` ደግሞ የጊዜ ገደቡን ሳይመርጡ በሚወጡበት ቀን እንዲያበሩት እመክራለሁ፤ አለዚያ ፈቃዱ ሲራዘም ምላሹ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ የሚጽፍልዎትም ሰው ያነበቡለት መስሎት ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ስለ ቋንቋ ቅደም ተከተልም አንድ ነገር አለኝ። ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። አማርኛው ከላይ ከሆነ የውጭ አንባቢው የማያነበው ፊደል አይቶ ሊዘጋው ይችላል። `Gmail` ከሆነ ርዕሱን በሁለቱም ቋንቋ ያድርጉት፤ `Outlook` ግን ርዕሱን በራሱ ስለሚሰጥ መቀየር አይቻልም፤ በመጀመሪያው መስመርም እንግሊዝኛው ከታች እንዳለ ይግለጹ። ከዚያም ወደ ሌላ አድራሻ ልከው ይሞክሩት። በአንዳንድ የቆዩ የድርጅት ኢሜይሎች ላይ የግዕዙ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የሚወጣው መልእክት ኢንኮዲንግ `UTF-8` መሆኑን የኢሜይሉን አስተዳዳሪ ማስፈተሽ ነው።

---

የከዚራዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀኑን ነገር አሁን በሚገባ ተረድቼዋለሁ። ርክክቡ ላይ ግን ገና ነኝ። አንዱን ጉዳይ ለምሳሌ ላንሳ፦ አንድ ኤልሲ አለን፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ማርች 25፣ ኤልሲው የሚያበቃው ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው። አቅራቢው ጭነቱ ሊዘገይ እንደሚችል ከወዲሁ ፍንጭ ሰጥቷል። በማስታወሻዬ ላይ «ኤልሲው ሚያዝያ 15 ያበቃል፤ ከአቅራቢው ጋር በሂደት ላይ ነው፤ ክትትል ይደረግ» ብዬ ጽፌያለሁ። በቂ ነው?

---

ሰነድ ተከታታይ

ይህ ጥያቄ ዋናውን ጉዳይ አነሳው። ኤፕሪል 15 ሚያዝያ 15 አይደለም፤ ሚያዝያ 7 ነው። ሚያዝያ 15 ኤፕሪል 23 ነውና ተተኪሽ ማስታወሻሽን አምና ብትሠራ ኤልሲው ካበቃ ከስምንት ቀን በኋላ ባንክ ትደርሳለች። በሁለት ቋንቋ በሚጻፍ ርክክብ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ እጅ የወሩን ስም ይቀይርና ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል። መለየቱ ግን ቀላል ነው፤ ጎን ለጎን በተጻፉት ሁለት ቀናት ላይ አንድ ዓይነት የቀን ቁጥር ካየሽ አንዱ በእርግጥ ስህተት ነው።

በማስታወሻው ላይ ከባንክ ወይም ከመርከብ ድርጅት የመጣን ቀን መጀመሪያ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈው አስፍሪው፤ ቀጥለሽ የእኛን ከነሳምንቱ ቀን ጻፊ፤ «ኤፕሪል 15 ቀን 2026፣ ረቡዕ ሚያዝያ 7» እንደማለት። የሳምንቱ ቀን ለማረጋገጫ ይጠቅማል፤ ሁለቱ አቆጣጠሮች በወርና በቀን ይለያያሉ እንጂ ረቡዕ ለሁለቱም ረቡዕ ነው።

«በሂደት ላይ ነው፤ ክትትል ይደረግ» የሚለው ደግሞ ለተተኪሽ ምንም አይነግራትም። እኔ ብሆን ጉዳዩን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«እስከ ጥር 29 ባለው ሁኔታ አቅራቢው ጭነቱ ሊዘገይ እንደሚችል በኢሜይል ገልጿል፤ የመጫኛ ቀን እንዲራዘም ግን በይፋ አልጠየቀም። እስከ መጋቢት 5 ቀን ድረስ የመጫኛ ቀን ካላረጋገጠ ተተኪዋ በኢሜይል ትጠይቀው። ማራዘሚያ ከጠየቀ ለባንክ የሚቀርበውን የማሻሻያ ማመልከቻ ተተኪዋ ታዘጋጃለች፤ የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው። ያለ እርሳቸው ፈቃድ ለአቅራቢው ‹ይራዘማል› ተብሎ አይጻፍም። የመጫኛ ቀኑ ሲራዘም የኤልሲው ማብቂያም አብሮ እንዲራዘም ይጠየቅ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የሚዘነጋ ስለሆነ ምክንያቱን ልግለጸው። ኤልሲው ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር አቅራቢው ሰነዶቹን ለባንክ የሚያቀርበው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ይህም ሆኖ ከማብቂያው ቀን ማለፍ አይችልም። ከማርች 25 እስከ ኤፕሪል 15 ልክ 21 ቀን ነው። መጫኛው ብቻ በአሥር ቀን ቢገፋ ለሰነድ ማቅረቢያ የሚቀረው 11 ቀን ይሆናል። አንቺ ይህን በልምድ ታውቂዋለሽ፤ ተተኪሽ ግን ካልተጻፈላት አታውቀውም።

ሥራ አስኪያጁ የጠየቁትን እንግሊዝኛ በተመለከተ ሙሉውን መገልበጥ አያስፈልግም ባይ ነኝ። በሁለት ቋንቋ የተሟላ ማስታወሻ ካለ አንዱ ሲታደስ ሌላው ይቀራል፤ በሦስተኛው ሳምንት የትኛው እንደሚታመን አይታወቅም። ዋናው በአማርኛ ይሁን፤ የፋይል ስሞች፣ የኢሜይል ርዕሶችና የኤልሲ ቁጥሮች በኮምፒውተሩ ላይ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ተተኪዋ ፈልጋ የምታገኘው በዚያ ነውና። በእንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ የውጭ አቅራቢ ከመውጣትሽ በፊት የሚላክ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ጉዳዩ የት እንደደረሰና ከእንግዲህ ለማን እንደሚጽፉ የሚገልጽ።

---

ሳቢያን

የ7፣ 8፣ 9ኙን ልዩነት ተቀብያለሁ። በቋንቋው ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ድርጅቱ ኦዲት ሲደረግ ወይም የውጭ ሸሪክ ሲኖረው የእንግሊዝኛ ሙሉ ቅጂ ይጠየቃል። ሥራ አስኪያጁ የጠየቁበትን ምክንያት ሳያጣሩ «አያስፈልግም» ማለት ትክክል አይመስለኝም።

---

ሰነድ ተከታታይ

ይህ ተገቢ አስተያየት ነው። ምክንያታቸው ሸሪክ ወይም ኦዲት ከሆነ ቅጂው ይዘጋጅ፤ በአናቱ ላይ ግን ልዩነት ሲኖር የሚታመነው የአማርኛው መሆኑና የተጻፈበት ቀን ይመላከት።

---

ጀጎል (ሐረር)

እኔ የምሠራው ሐረር ነው፤ ለትምህርት ፈቃድ ስወጣ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። በእኛ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የምንጻጻፈው በአማርኛ ነው፤ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ደግሞ በእንግሊዝኛ። ሁለት ቋንቋ የሚለው ለእኔ አልበቃኝም፤ አራቱን ባስቀምጥ ደግሞ መልእክቱ በጣም ረዘመ። በመጨረሻ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ አደረግኩት፤ በአማርኛ የሚጽፉልኝ ግን ቅር መሰኘታቸውን ሰማሁ። በድሬዳዋም በሶማሊኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጽፉ ደንበኞች፣ ከጅቡቲም በፈረንሳይኛ የሚጽፉ አይጠፉም። ለዚህ መፍትሔ ያገኘ ካለ ብሰማ ደስ ይለኛል።

---

ገንደቆሬ

እኔ ያየሁት የተሻለው አሠራር እያንዳንዱን ቋንቋ አንድ መስመር ብቻ ማድረግ ነው፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሌሉና ለማን እንደሚጻፍ። የተወካዩ አድራሻና ቀኑ ለሁሉም የጋራ ስለሆነ ከታች አንድ ጊዜ ይቀመጣል። ሆኖም የቋንቋዎቹ ቅደም ተከተል በራሱ ቅሬታ እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ ለእርሱ መልስ የለኝም።

---

የከዚራዋ (ጠያቂ)

በምክራችሁ መሠረት ለውጭ የሚሄደውን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። የፈቃዱን ዓይነት አውጥቼዋለሁ፤ ለማያውቀኝ ሰው መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

```
Subject: በረጅም ፈቃድ ላይ / On extended leave
(English below)

ከየካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ እስከ ሰኔ 15 ቀን
2018 ዓ.ም. በረጅም ፈቃድ ላይ ነኝ። በዚህ ጊዜ ይህን ኢሜይል
አልከፍትም። እባክዎ መልእክትዎን ከታች ወዳለው አድራሻ ይላኩ።
የሥራ ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 11:30።

I am on extended leave from 9 February 2026 until at
least 22 June 2026 and will not be reading this mailbox.
Please resend your message to the address below.
Office hours: 8:30 to 17:30, GMT+3.
```

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የሚተካኝ ባልደረባዬ የግል አድራሻዋና የስልክ ቁጥሯ ይጻፍ ወይስ የክፍሉ የጋራ ኢሜይል?

---

ሰነድ ተከታታይ

አሁን ሁለቱ ክፍሎች አንድ ነገር ይናገራሉ። የጋራውን ኢሜይል ጻፊ፤ በአራት ወር ውስጥ እርሷም ልትታመም ወይም ዓመት ፈቃድ ልትወጣ ትችላለች። የጋራ አድራሻ ከሌላችሁ ከጥር 29 በፊት ይከፈት፤ ማን በየቀኑ እንደሚያየውም በርክክቡ ላይ በስም ይጻፍ፤ የሁሉም የሆነ ሣጥን ብዙ ጊዜ ማንም የማይከፍተው ይሆናልና። የአንቺን የይለፍ ቃል ግን ለማንም አትስጪ፤ በተለይ የጉምሩክ መረጃ ሥርዓት ላይ በስምሽ የተከፈተውን። እዚያ የሚገባው ዲክላራሲዮን የሚመዘገበው በአንቺ ስም ነው። ለተተኪሽ የራሷ መግቢያ እንዲከፈት ሥራ አስኪያጁ አሁኑኑ ይጠይቁላት።

---

የከዚራዋ (ጠያቂ)

የመግቢያውን ጉዳይ ነገ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለምን እንደፈለጉትም አብሬ እጠይቃቸዋለሁ። መልሳቸውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።